ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማሞቂያው ለምን ይቀዘቅዛል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲቃረብ፣ መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በታኅሣሥና በጥር ማለዳ በዚያ አካባቢ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ይታያል፤ ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን የሚሸፍንበት ቀንም ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያለ ስፍራ የመኪና ማሞቂያ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው በኋላ ወንበር የተቀመጡትን ልጆች ማሞቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተሳፋሪዎቹ ትንፋሽ የተነሣ በፊት መስተዋት ላይ የሚያርፈውን እንፋሎት ማድረቅ ነው። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ የሚሰጥ እንደሆነ፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው እጁ መስተዋቱን በጨርቅ እየጠረገ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለመውረድ ይገደዳል።

እኛን ግን ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ሌላ ምክንያት ነው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ እንደ ወትሮው ከመካከል ላይ ቆሞ ሳለ ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ያለው በማሞቂያው ሳይሆን ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ውኃ ላይ ነው። ውኃው ሲጎድል ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀዘቅዘው ማሞቂያው ነውና። ይህን ምልክት ያየ ባለ መኪና «ብርዱን በካፖርት እንችለዋለን» ብሎ ዝም ያለው እንደሆነ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩ ራሱ ሊቃጠልበት ይችላል።

የነገሩን አሠራር በአጭሩ እንግለጽ። የመኪና ማሞቂያ የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩ ሲሠራ የሚፈጠረውን ሙቀት ውኃው ተቀብሎ ወደ ፊት ለፊቱ ትልቅ ራዲያተር ይወስደዋል፤ በዚያም ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ከዚሁ ሙቅ ውኃ ግን ጥቂቱ በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ተከፍሎ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን የብረት ግድግዳ አልፎ፣ ከክሩስኮቱ በስተኋላ ወደ ተሠወረች አንዲት ትንሽ ራዲያተር ይገባል። እርስዋም መልክዋ እንደ ትልቁ ራዲያተር ሆኖ መጠንዋ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ብዙ አይበልጥም። በአንደኛው ቱቦ ሙቅ ውኃ ይገባል፤ በሁለተኛው ይመለሳል። ቬንቲሌተሩ በቀጫጭን ክንፎችዋ መካከል ነፋስ ሲነፋባት ነፋሱ ሞቆ ወደ እኛ ይመጣል። እንግዲህ ሞቃት ነፋስ እንዲገኝ ሙቅ ውኃ በዚህች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ሳያቋርጥ መመላለስ አለበት ማለት ነው።

በብዙ መኪናዎች ይህች ትንሽ ራዲያተርና ቱቦዎችዋ ውኃው ከሚዞርባቸው ስፍራዎች ሁሉ ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው። ውኃው ሲጎድል ደግሞ በምትኩ አየር ይገባል፤ አየርም ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ይከማቻል። ፓምፑ ውኃን እንጂ አየርን መግፋት ስለማይሆንለት፣ በሞተሩ ውስጥ ገና ብዙ ውኃ እያለ ማሞቂያው ባዶውን ይቀራል። ማሞቂያው ከሞተሩ ቀድሞ የሚናገረው ስለዚህ ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የምናውቃቸው ባልና ሚስት፣ ዕድሜዋ 15 ዓመት ያለፈ የጃፓን መኪና አላቸው። መኪናዋን የገዙት ከሌላ ሰው እጅ ነው። ለገና በዓል ወደ ደሴ ሲጓዙ ደብረ ብርሃን ላይ ቆመው ቁርስ በሉ፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱን ሲወጡ ማሞቂያው አንድ ጊዜ ሞቃት፣ አንድ ጊዜ ቀዝቃዛ ነፋስ ይሰጥ ጀመር። ባልየው ቤንዚን ጠንከር አድርገው ሲረግጡ ይሞቃል፤ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይበርዳል። ወይዘሮዋም ከክሩስኮቱ በስተኋላ ውኃ ከጠርሙስ ሲቀዳ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰሙ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን ከመካከል አልተነቃነቀም ነበር።

እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲገኙ፣ ማለትም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚለዋወጥ ሙቀት፣ የሚንቆረቆር ድምፅና ያልተነቃነቀ መርፌ፣ ወደ አንድ ምክንያት ያመለክታሉ፤ እርሱም የውኃ መጉደል ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑም ስለሚፈጥን የቀረውን ጥቂት ውኃ ከአየሩ ጋር እየደባለቀ ወደ ትንሿ ራዲያተር ይገፋዋል፤ ሲዘገይ ውኃው ወደ ታች ይመለሳል። የሚንቆረቆረውም ይኸው ድብልቅ ነው። መርፌው አለመነቃነቁ ግን ማንንም ሊያጽናና አይገባም። ሙቀቱን የሚለካው መሣሪያ በውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲገኝ እውነቱን ይናገራል፤ ውኃው ሸሽቶት በአየር መካከል የቀረ እንደሆነ ግን ሞተሩ እየተቃጠለ እርሱ «ደኅና ነው» ሊል ይችላል።

ባልና ሚስቱ ደብረ ሲና ወርደው ለሊቱን እዚያው አደሩ። በማግሥቱም ማለዳ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ። ጠዋት ድረስ መታገሣቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በሙቅ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት የስንቱን ሰው ፊትና እጅ አቃጥሏል። ውኃው በግፊት ታፍኖ ስለሚኖር ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ እንኳ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግን ግፊቱ ስለሚጠፋ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይገነፍላል። ከላይ ያለውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጅ ሲነኩት ቀዝቃዛ፣ ሲጨብጡትም ለስላሳ እስኪሆን ድረስ ክዳኑን መንካት አይገባም።

ከውስጥ ሲመለከቱ ውኃ አይታይም። ከጎን የተቀመጠው የላስቲክ መያዣ ግን እስከ ግማሽ ድረስ ውኃ ነበረበት። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ቀዳዳ ቢኖረው ወይም ክዳኑ ቢያረጅ፣ ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ከመያዣው ውኃ መሳብ ትቶ አየር ይስባል። ስለዚህ ክዳን በቀጥታ በራዲያተሩ ላይ ባለበት መኪና መመልከት የሚገባው ራዲያተሩን ራሱን ነው። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ግን ባለ ግፊቱ ክዳን በመያዣው ላይ ስለሚሆን፣ በእነርሱ የመያዣው ምልክት ይበቃል።

ውኃው ምን ያህል እንደ ጎደለ ለማወቅ የተጨመረውን መለካት መልካም ነው። ይህችው መኪና በጠቅላላው 7 ሊትር ያህል የምትይዝ ስትሆን፣ ከ2 ሊትር በላይ ጠጣች። ውኃን ዝም ብሎ ማፍሰስ ግን አይበቃም፤ ውስጥ የታሰረውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህም የሚደረገው እንዲህ ነው። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጎ ማቆም፤ ክዳኑን እንደ ተከፈተ ትቶ የማሞቂያውን መዘውር እስከ መጨረሻው ሙቀት ማዞር፤ ከዚያም ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቶ በዝግታ እንዲዞር መተው። ሞተሩ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ይከፈትና የውኃው ከፍታ በድንገት ዝቅ ይላል፤ አረፋም ይወጣል። ያን ጊዜ ቀስ እያሉ መጨመር፣ ወፍራሙንም ቱቦ በጨርቅ ይዞ ጨበጥ ለቀቅ ማድረግ ነው። አረፋው ሲያበቃና ከማሞቂያው የሚመጣው ነፋስ ሲሞቅ ክዳኑ ይዘጋል። አንዳንድ መኪናዎች ለአየር ማስወጫ የተሠራ ትንሽ ብሎን አላቸው፤ ከእርሱ ያለ አረፋ ውኃ ብቻ ሲወጣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ነጠላና የተንጠለጠለ ልብስ ከቺንጋውና ከነፋስ ማራገቢያው መራቅ አለበት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ በድንገት ሊነሣ ይችላልና ልጆችን ማቅረብ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለት ሊትር ውኃ ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በታሸገ ቤት የሚዞር ውኃ ያለ ምክንያት አይጎድልም። በደሴ ያገኙት መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ወይዘሮዋ «ጋሼ፣ ከሥር ምንም ጠብታ አላየንም፤ ታዲያ ውኃው የት ገባ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ አዛውንቱ ክዳኑን ገልብጠው በሥሩ ያለውን የጎማ ቀለበት አሳዩአቸው። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ውኃው በእንፋሎት ነው የሄደው፣ የኔ ልጅ» አሏቸው፤ «ይህ ክዳን ግፊት አይዝም።»

ይህ በደጋ አገር ለሚኖር ሰው ከሌላው ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ነገር ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ውኃ በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በምፅዋ፣ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። በአዲስ አበባና በአስመራ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በጣርማ በር ደግሞ 90 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የዛሬ ሞተር በተለመደው ሥራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይሞቃል። እንግዲህ ንጹሕ ውኃ ያለ ግፊት ቢሆን ኖሮ በደጋ ላይ ሞተሩ ምንም ሳይታመም ውኃው ይፈላ ነበር። ይህን የሚከለክለው ክዳኑ ነው። በክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ክዳኑ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። 0.9 የተጻፈበት ደኅና ክዳን በጣርማ በር ላይ እንኳ የመፍላቱን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ዋጋው ከመኪናው ዕቃ ሁሉ እጅግ ከሚያንሱት አንዱ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ የሚለውጠው መጨረሻ ላይ መሆኑ ይገርማል። አዲሱ ክዳን የቀድሞው ቁጥር ያለበት መሆን አለበት፤ የሚበልጥ ቁጥር ያለውን ማድረግ ያረጁትን ቱቦዎችና ትንሿን ራዲያተር ያስጨንቃል።

መካኒኩ ክዳኑን ለወጡ፤ ከታችኛው ቱቦ ላይ የላላ ፋሼታ አግኝተው በካቻቪቴ አጠበቁ። አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን በዚህ አጋጣሚ የምንነግራቸው፣ ፋሼታ፣ ካቻቪቴ፣ ቺንጋ፣ ክሩስኮት፣ ቴስታታ የሚባሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ በትግርኛም በአማርኛም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አስመራ የተማረ መካኒክና አዲስ አበባ የተማረ መካኒክ በእነዚህ ቃላት ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

ከዚህ በኋላ የውኃው ከፍታ ሳይጎድል ሦስት ሳምንት ቆየ። ባልና ሚስቱ በየሰኞው ማለዳ እየከፈቱ ያዩት ነበር። ማሞቂያው ግን ልዩ ጠባይ አመጣ። አሁን አንድ ጊዜ ሞቃት አንድ ጊዜ ቀዝቃዛ መሆኑ ቀርቶ፣ ምንጊዜም ለብ ያለ ነው። ሞተሩ ቢፈጥን ቢዘገይ ለውጥ የለውም፤ የሚንቆረቆርም ድምፅ አይሰማም። እንዲህ ያለው ጠባይ አየር ገብቷል ከሚለው ጋር አይስማማም። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ምርመራ ከእጅ መዳፍ በቀር መሣሪያ አይሻም።

ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ሙቀት ተከፍቶ፣ ቬንቲሌተሩም እየነፋ ሳለ፣ ወደ ብረት ግድግዳው የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ መንካት ነው፤ በመጀመሪያ በጣት ጫፍ፣ ቀጥሎ በመዳፍ። ሁለቱም ጨብጦ ለመቆየት የማይቻል ያህል ሙቅ የሆኑ እንደሆነ፣ ውኃው በትክክል ይመላለሳል፤ ጉድለቱ በነፋሱ መንገድ ላይ ነው። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ነፋስ የሚለየው ትንሽ መዝጊያ ሽቦው ተበጥሶ ወይም የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ተበላሽቶ ይሆናል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያሉ እንደሆነ፣ ሙቅ ውኃ ወደ ማሞቂያው አልደረሰም፤ እንደገና ወደ ውኃው ከፍታ፣ ወደ አየርና ወደ ፓምፑ መመለስ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር የሙቀት መለኪያው መርፌ ራሱ ዝቅ ብሎ የቀረ እንደሆነ፣ ቴርሞስታቱ እንደ ተከፈተ ደርቆ ይሆናል። አንደኛው የሚያቃጥል ሆኖ ሁለተኛው እንደ ልብ የሚጨበጥ የሆነ ጊዜ ግን፣ ውኃው ገብቶ መውጫ አጥቷል፤ ወይም እያዘገመ ስለሚያልፍ ሙቀቱን ሁሉ ጨርሶ ይወጣል። ይህ የትንሿ ራዲያተር መዘጋት ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ብቻ በመግቢያው ቱቦ ላይ ውኃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ስላለ፣ እርሱ ተከፍቶ እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፤ ተዘግቶ ቢደርቅ ምልክቱ ከዚሁ ጋር አንድ ነውና።

የባልና ሚስቱ መኪና እንዲህ ያለ ቫልቭ አልነበራትም። ከርቀት ሙቀት በሚለካ መሣሪያ ቱቦዎቹ ሲለኩ የመግቢያው 86 ዲግሪ፣ የመውጫው 38 ዲግሪ ሆነ። በጤነኛ ማሞቂያ በሁለቱ መካከል የሚኖረው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን 48 ሆኗል። ለመጠራጠር የሚያበቃ ነገር አልቀረም።

ለመሆኑ ትንሿ ራዲያተር ለምን ተዘጋች? በውስጥዋ ያሉት መተላለፊያዎች እጅግ ጠባቦች ናቸው። መኪናዋን የሸጡት ሰው በጉዞ ላይ ውኃ ሲጎድልባቸው ከመንገድ ዳር ጉድጓድ፣ ከወንዝና ከቧንቧ ያገኙትን ይጨምሩ ነበር። በእንዲህ ያለው ውኃ ውስጥ የሟሟ ኖራ ሲሞቅ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይለጠፋል። ዝገትን የሚከላከለው ኩላንትም በውኃ ብዛት ስለሚቀጥን የሞተሩ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱም እንደ ቡና አተላ በየጠባቡ ይዘቅጣል። በዚህ ላይ የምታፈሰውን ራዲያተር ለመድፈን ተብሎ በገበያ የሚሸጠው ዱቄት ወይም ፈሳሽ ተጨምሮባት ነበር። ይህ መድኃኒት ቀዳዳውን ከጠባቡ መተላለፊያ ለይቶ የማያውቅ ስለሆነ ሁለቱንም ይደፍናል። በጫካ መካከል ለቀረ ሰው ሊጠቅም እንደሚችል አንክድም፤ ጋራዥ ባለበት ከተማ ግን ማንም እንዲጠቀምበት አንመክርም። «አገራችን በረዶ የለባትም፤ ኩላንት ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። በእኛ ደጋ ኩላንት በይበልጥ የሚፈለገው ዝገትንና መፍላትን ለመከላከል ነው።

የተዘጋች ራዲያተርን ለማጠብ መካኒኩ የተከተሉት ሥርዓት ይህ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከታች ጥቂት ኩላንት በሳፋ ቀዱ። ከዚያ ሁለቱን ቱቦዎች ከግድግዳው አጠገብ ፈቱ። አንደኛው ተጣብቆ እምቢ ቢላቸው አልታገሉትም፤ ጎማውን በስለት ሰንጥቀው አወጡት። ከግድግዳው ብቅ የሚሉት ቱቦዎች ስስ ናስ ወይም አሉሚኒየም ስለሆኑ፣ በጉልበት የሚጠመዝዛቸው ሰው የታጠበች ሳይሆን የተሰበረች ራዲያተር ያገኛል። የጎማ ቱቦ መግዛት ግን ቀላል ነው።

ቀጥሎ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አምጥተው ውኃው ይወጣበት በነበረው ቱቦ ላይ ገጠሙት። ይኸውም ቆሻሻው በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንዲወጣ ነው። በሌላው ቱቦ ላይ አጭር ጎማ አድርገው ጫፉን በነጭ ሳፋ ውስጥ አኖሩ፤ ሳፋው ነጭ የሆነበት ምክንያት የሚወጣው ነገር በግልጽ እንዲታይ ነው። ቧንቧውን ጥቂት በጥቂት ከፈቱት። በመጀመሪያ የወጣው እንደ ጉድፍ ቀጭን ክር ሆኖ የሚወርድ ቀይ ቡናማ ውኃ ነበር። ከደቂቃዎች በኋላ ቅርፊትና የመድፈኛው ዱቄት ጭቃ እየተቆራረሰ ወጣ፤ ውኃውም ወፍሮ መውረድ ጀመረ። ጎማውን ወደ ሌላው ቱቦ አዛውረው በመግቢያው በኩል ላኩበት፤ እንደገና መለሱት። እንዲህ እያሉ አራት አምስት ጊዜ ካመላለሱ በኋላ በሳፋው ውስጥ የሚወርደው ውኃ ጠራ። የታመቀ አየር በጠንካራ ግፊት መላክ ወይም ቧንቧውን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መክፈት ያረጀችውን ራዲያተር ሊያፈነዳት ይችላል፤ እርስዋ ከፈነዳች ደግሞ ውኃው የሚፈሰው በተሳፋሪው እግር ሥር ነው።

ቱቦዎቹ አዲስ ፋሼታ ተደርጎላቸው ተመለሱ። ግማሽ የተጣራ ውኃና ግማሽ ኩላንት ተደባልቆ ተሞላ፤ አየሩም ቀድሞ በተናገርነው ሥርዓት ወጣ። የኩላንት ቀለም አረንጓዴም ይሁን ቀይ ዓይነቱን በእርግጥ አያሳውቅም፤ ስለዚህ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚያዝዘውን ዓይነት መግዛት እንጂ በቀለም መምረጥ አይገባም። እንደገና ሲለካ መግቢያው 85፣ መውጫው 70 ዲግሪ ሆነ። በክሩስኮቱ ቀዳዳ የሚመጣው ነፋስም ቀድሞ ከ25 ዲግሪ ያልበለጠው አሁን 52 ደረሰ።

ከሳፋው የተረፈውን ኩላንት ወይዘሮዋ ወዲያው በክዳን ባለው ጄሪካን እንዲገለበጥ አደረጉ። መልካም አደረጉ። ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃናትም ውሾችም ይልሱታል። በግቢ ውስጥ በሳፋ ተትቶ ማደር ወይም በቦይ መፍሰስ የለበትም፤ የታሸገበትም ጄሪካን የመጠጥ ውኃ የሚመስል መሆን የለበትም።

ይህ እጥበት ሁሉን አያድንም። ኖራው እንደ ድንጋይ የደረቀ እንደሆነ ውኃ ብቻ አያነሣውም፤ ወይም ለጥቂት ወራት ከሞቀ በኋላ የላላው ቅርፊት ተመልሶ ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ታጥባ ሁለት ጊዜ የተዘጋች ራዲያተር መለወጥ ይገባታል። ዕቃው ራሱ ውድ ባይሆንም፣ በብዙ መኪናዎች ክሩስኮቱ በሙሉ ካልወረደ ስለማትገኝ ሥራው ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የሚያስከፍለውም ይኸው ድካም ነው። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ የረጠበ፣ በመኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ የሚሸት፣ በመስተዋቱም ላይ በጨርቅ ሲጠርጉት የሚቀባ ቅባት መሰል ነገር የሚያርፍ እንደሆነ፣ ትንሿ ራዲያተር ተበስታለችና ማጠብ ትርፍ ድካም ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዳንድ መካኒኮች ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝተው ማሞቂያውን ያልፉታል። መኪናው በዚህ ሁኔታ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ለቆላ አገር ሰውም ይበቃ ይሆናል። ጣርማ በርን በጉም ለሚያልፍ ግን የመስተዋቱ ነገር እንዳለ ነው።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ውኃው ተሞልቶ፣ ክዳኑ አዲስ ሆኖ፣ ፋሼታዎቹም ጠብቀው ሳለ እንደገና የሚጎድል እንደሆነ ነው። በጠዋት ቀዝቃዛው ሞተር ተነሥቶ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ሲታይ፣ በራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጥ አረፋ የሚመጣ፣ ወይም ከሞቀም በኋላ ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ፣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጋስኬት ሳይቃጠል አልቀረም። አየሩን የሚያስገባው ያን ጊዜ የሞተሩ ጭስ ራሱ ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ቢሞሉት አሥር ጊዜ ይጎድላል፤ ማሞቂያውም አሥር ጊዜ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለውን መኪና ውኃ እየጨመሩ ረጅም መንገድ መንዳት ቴስታታውን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ከጉዞ በፊት ወደ ጋራዥ ይወሰዳል።

በመንገድ ላይ ሳሉ ማሞቂያው በድንገት ቢቀዘቅዝና መርፌው መውጣት ቢጀምር፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በተቃጠለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በአንድ ጊዜ መክተት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላልና፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ባልና ሚስቱ አሁን ወደ ደሴ ሲሄዱ ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውኃ የሆነ 3 ሊትር በጄሪካን ይይዛሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይም ቁርስ ከመብላታቸው በፊት ማሞቂያውን ከፍተው መኪናዋ ቆማ ሳለች ነፋሱ መሞቁን በእጃቸው ይሞክራሉ።